ሙሉ ሶሉሽን እጄ ገብቷል፤ ምን ላድርገው?

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የኬሚስትሪ መምህራችን በስቶይኪዮሜትሪ ላይ 20 ጥያቄ ያለው ወርክሺት ሰጥተውናል፤ ከ10 ይታረማል። አምና የተማረች የሰፈራችን ልጅ የዚያኑ ወርክሺት ሙሉ ሶሉሽን፣ እያንዳንዱ ስቴፕ የተሠራበትን ሰጠችኝ። ያለፈውን ምዕራፍ ወርክሺት እንዲሁ ገልብጬ 10 ከ10 አግኝቼ ነበር፤ ሚድ ላይ ግን ከ20 ያገኘሁት 6 ነው። ስገለብጥ ሁሉም ነገር ይገባኝ ነበር እኮ! ወንድሜ ቅደጂው ይለኛል። ሳላይ ልሥራ ስል ደግሞ አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዓት እቀመጥና ምንም አይወጣኝም። የማስረክበው ሰኞ ነው። ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባኝ፣ ከደሴ»

ልጄ፣ አትቅደጂው። ወንድምሽ ለአንቺ አስቦ ነው፤ ግን አንድን ዓይነት ጥያቄ ገና ለሚጀምር ተማሪ በደንብ የተሠራ መልስ ከማንም የተሻለ አስተማሪ ነው። ሰኞ የምታስረክቢው ወረቀት ላይ ግን ከእሱ አንድም መስመር አይግባ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ ነው ዛሬ ላሳይሽ የምፈልገው።

መጀመሪያ ስለ ሁለቱ ሰዓት። አንድን ዓይነት ጥያቄ ከዚህ በፊት ሲሠራ አይተሽ የማታውቂ ከሆነ፣ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጦ መቀመጥ ብዙ አያስተምርሽም። ያን ጊዜ ጭንቅላትሽ ፍለጋ ላይ ነው። የተሰጡትን ቁጥሮች ይዞ፣ የተጠየቀውን ይዞ፣ የሚያውቃቸውን ፎርሙላዎች አንድ በአንድ እየሞከረ ይባዝናል። በፍለጋው ስለተጠመደ ጥያቄው እንዴት እንደተገነባ ለማየት ፋታ አያገኝም። መልሱ በአጋጣሚ ቢወጣ እንኳ በየት በኩል እንደወጣ አታስታውሺውም። ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህንን በአልጄብራ ፈትሸውታል። አንዱ ቡድን አንድ የተሠራ ጥያቄ አጥንቶ ወዲያው ተመሳሳዩን ራሱ ይሠራል፤ ሌላው ቡድን ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሱ ይሠራል። በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ሲቀርቡላቸው የተሠራውን ያጠኑት በአጭር ጊዜና በትንሽ ስህተት ጨረሱ። ልብ በዪ፣ እነዚያ ተማሪዎች የተሠራውን አጥንተው ዝም አላሉም፤ ከእያንዳንዱ ቀጥሎ የራሳቸውን ሠርተዋል።

«ስገለብጥ ይገባኝ ነበር» ያልሽውን አምንሻለሁ። ስትገለብጪ እያንዳንዱ መስመር ከላዩ ካለው መስመር እንደሚከተል ታያለሽ፤ ማካፈሉ ትክክል ነው፣ ማባዛቱም ትክክል ነው፤ ስለዚህ ገባኝ ትያለሽ። ነገር ግን «አሁን ምን ላድርግ?» የሚለውን ጥያቄ ሌላ ሰው ቀድሞ መልሶልሻል። ሚድ ላይ ያጣሽው ይህንኑ ነው። 42ን ለ28 ማካፈል ካልኩሌተርም ይችላል፤ ለምን እንደሚካፈልና ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚኬድ የምትወስኚው ግን አንቺ ነሽ።

ነገሩን በአንድ ጥያቄ ላይ ላሳይሽ። ከስቶይኪዮሜትሪ ውስጥ ተማሪ ብዙ የሚወድቅበት ሊሚቲንግ ሪአክታንት፣ ማለትም ቀድሞ አልቆ ምርቱን የሚወስነው፣ ስለሆነ እሱን እንያዝ። ጥያቄው እንዲህ ይላል እንበል፦ 42 ግራም ናይትሮጅን ከ8 ግራም ሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ አሞኒያ ቢሠራ፣ ስንት ግራም አሞኒያ ይገኛል? የትኛው ይተርፋል? የሚተርፈውስ ስንት ግራም ነው? ሶሉሽኑ ላይ የምታገኚው ይህን የመሰለ ነገር ነው፦

N₂ + 3H₂ → 2NH₃
42 ÷ 28 = 1.5
8 ÷ 2 = 4
1.5 × 3 = 4.5
4 < 4.5
4 × 2 ÷ 3 = 2.667
2.667 × 17 = 45.3

ሰባት መስመር ናት፤ ብትገለብጫት ሁለት ደቂቃ አትፈጅም። አሁን ግን እስክሪብቶሽን አስቀምጪና በየመስመሩ አጠገብ በእርሳስ ሁለት ነገር ጻፊ፦ ይህ ቁጥር የምኑ ነው? ይህ ስቴፕ ለምን አስፈለገ? በአማርኛ ጻፊው፤ ለእናትሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ። መማሪያ መጽሐፉም ሶሉሽኑም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር መልሶ መጻፍ ይቀልና ሳይገባሽ የገባሽ ይመስልሻል። በራስሽ ቋንቋ ልትይው ስትሞክሪ ያልገባሽ ቦታ ወዲያው ይይዝሻል።

የመጀመሪያው መስመር ባላንስ የተደረገው ኢኩዌሽን ነው። እዚያ ላይ ያሉት 1፣ 3 እና 2 የግራም ቁጥሮች አይደሉም፤ አንድ ሞል ናይትሮጅን ሦስት ሞል ሃይድሮጅን ይፈልጋል፣ ሁለት ሞል አሞኒያ ይሰጣል ማለት ናቸው። ይህ ከገባሽ ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ለምን እንደመጡ ራሳቸው ይነግሩሻል። የተሰጠን በግራም ነው፤ ኢኩዌሽኑ የሚናገረው በሞል ነው፤ ስለዚህ ግራሙን ወደ ሞል መቀየር ግድ ነው። 28 የመጣው የናይትሮጅን ሞለኪውል ሁለት አቶም ስላለው ነው፣ ሁለት ጊዜ 14። ሃይድሮጅንም እንዲሁ ሁለት ጊዜ 1 ስለሆነ 2 ሆነ።

አራተኛው መስመር ላይ ቆም በዪ፤ የጥያቄው ልብ እሱ ነው። 1.5 በ3 ለምን ተባዛ? ያለን ናይትሮጅን በሙሉ እንዲያልቅ ስንት ሞል ሃይድሮጅን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ነው። 4.5 እጃችን ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ ቢኖረን ኖሮ የሚበቃን መጠን ነው። አምስተኛው መስመር ያለንን ከሚያስፈልገን ጋር ያስተያያል። ያለን 4 ነው፣ የሚያስፈልገን 4.5 ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅን ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ 4ን ከ1.5 ጋር ያስተያይና «ናይትሮጅን ያንሳል፣ ስለዚህ የሚያልቀው እሱ ነው» ይላል። አንድ አናጢ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲሠራ አስቢው። 15 መቀመጫና 40 እግር አለው። በቁጥር እግሩ ይበዛል፤ ግን ለ15 በርጩማ 45 እግር ስለሚያስፈልገው ቀድሞ የሚያልቅበት እግሩ ነው፣ መቀመጫው ይተርፋል። ብዛት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከሚፈለገው ጋር መተያየት አለበት።

ስድስተኛው መስመር ከ4 ይነሳል። ከ1.5 ያልተነሳው ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅን በመሆኑ ነው፤ ምርቱን የሚወስነው እሱ ነው። ሦስት ሃይድሮጅን ሁለት አሞኒያ ስለሚሰጥ 4 በ2 ተባዝቶ ለ3 ተካፈለ። ሰባተኛው መስመር ጥያቄው በግራም ስለጠየቀ ሞሉን በአሞኒያው ሞላር ማስ በ17 አባዝቶ ወደ ግራም ይመልሰዋል። አሁን ሶሉሽኑ እዚህ ላይ ካበቃ፣ አንድ ነገር እንደጎደለው አስተውለሽ ይሆናል። ጥያቄው የሚተርፈው ስንት ግራም እንደሆነም ይጠይቃል። እሱን ራስሽ ጨርሺው፤ ወደ መልሱ እመለስበታለሁ።

ይህን በእርሳስ ማብራራት እንዲያው ጊዜ ማባከን እንዳይመስልሽ። ሚሼሊን ቺ እና ባልደረቦቿ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የተሠሩ የፊዚክስ ጥያቄዎችን የሚያነቡ ተማሪዎች የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርገው ተከታትለዋል። በኋላ ጥያቄ ሲሰጣቸው ጥሩ የሠሩት፣ ሲያነቡ እየቆሙ «ይህ ለምን ሆነ? ከየትኛው ሕግ መጣ?» እያሉ ለራሳቸው ያስረዱት ነበሩ። ደግሞም «እዚህ ጋ አልገባኝም» የሚሉት በብዛት እነሱ ነበሩ፤ ደካሞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደገባቸው አድርገው ያልፉ ነበር። አንቺም ስትገለብጪ «አልገባኝም» ያልሽበት ጊዜ እንደሌለ ነግረሽኛል። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው።

አብራርተሽ ከጨረስሽ በኋላ አንድ ቁጥር ቀይሪ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ 8 ግራም ሃይድሮጅኑን 10 ግራም አድርጊው። ሳታሰይ በፊት ምን የሚሆን ይመስልሻል? 10 ግራም ሃይድሮጅን 5 ሞል ነው፤ የሚያስፈልገው ግን አሁንም 4.5 ነው። ስለዚህ ነገሩ ተገለበጠ፤ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅን ሆነ፣ ምርቱም ከናይትሮጅን ተነስቶ ይሰላል፦ 1.5 በ2 ተባዝቶ 3 ሞል፣ ማለትም 51 ግራም አሞኒያ። የሚተርፈው ግማሽ ሞል ሃይድሮጅን፣ ማለትም 1 ግራም ነው። ሁለት ግራም ተጨምሮ መልሱ በሙሉ መንገዱን ቀየረ። ገልባጭ ተማሪ ከዚህ ወርክሺት «ሃይድሮጅን ነው የሚያልቀው» የሚለውን ይዞ ይወጣል፤ ፈተና ላይ ደግሞ ይሄኛው ይመጣበታል። መምህራን ለፈተና ጥያቄ ሲያወጡ ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የወርክሺቱን ጥያቄ ይዘው ቁጥሩን በመጠኑ ያንቀሳቅሱታል።

ከዚህ በኋላ መሸፈን ይመጣል፤ ይህም ቅደም ተከተል አለው። ከላይ ጀምረሽ አትሸፍኚ፤ ከታች ጀምሪ። የመጨረሻውን መስመር በወረቀት ሸፍነሽ፣ ከላይ ያለውን እያየሽ ጨርሺው። ከሆነልሽ ሁለት መስመር ሸፍኚ፣ ከዚያ ከአራተኛው ጀምሮ ወደ ታች ያለውን። በመጨረሻ ጥያቄው ብቻ ይቀራል። ከታች መጀመር የሚሻለው፣ ወዴት እንደምትሄጂ መጀመሪያ ስለሚለይልሽ ነው። መድረሻውን ካወቅሽ ከበፊቱ ያለው ስቴፕ ለምን እንደተሠራ ይታይሻል። ከላይ ብትሸፍኚ ግን ወደ ሁለቱ ሰዓት ፍለጋ ትመለሻለሽ። አንድ ቦታ ከተያዝሽ ያንኑ አንድ መስመር ገልጠሽ እዪ፣ ለምን እንደሆነ ለራስሽ ንገሪ፣ መልሰሽ ሸፍነሽ ቀጥዪ። ሙሉውን መግለጥ የለብሽም።

ሃያውን ጥያቄ ሁሉ እንዲህ ልሥራ ካልሽ ግን ሰኞ አትደርሺም፤ አያስፈልግም። ወርክሺቱን ዘርግተሽ ብታዪው ሃያ ጥያቄ ሃያ ዓይነት ሆኖ አታገኚውም። ስቶይኪዮሜትሪ ውስጥ ዋነኞቹ ግራምን ወደ ሞል መቀየር፣ ከአንዱ ግራም ወደ ሌላው ግራም መሄድ፣ ሊሚቲንግ ሪአክታንትና የምርት ፐርሰንት ናቸው። ከየዓይነቱ አንዱን ከሶሉሽኑ አጥኚው፣ ከዚያው ዓይነት ሌላውን ሳታዪ ሥሪ፣ ጨርሰሽ ብቻ አመሳክሪ። ከአንዱ ዓይነት ሁለት ጥያቄ ያለ ሶሉሽን ከወጣልሽ፣ ለዚያ ዓይነት ሶሉሽን ማንበብ አቁሚ። የምትችዪውን ነገር የተሠራ መልስ ማንበብ ከዚያ በኋላ የሚጨምርልሽ የለም፤ ጊዜሽን ይወስድብሻል፣ እጅሽንም ሥራ ያስፈታዋል። ከዚያ ወዲያ ሶሉሽኑ ማረሚያ ብቻ ይሁንልሽ።

አንዲት ሌሊት መሃል አሳልፊ። ዛሬ የሠራሽውን ነገ ጠዋት ባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ሞክሪው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አንብበው፣ ገሚሶቹ ደግመው አነበቡት፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። እነሱ የሞከሩት ባነበቡት ጽሑፍ ነው እንጂ በስሌት አይደለም፤ ቢሆንም ያንቺ ሚድ የሚመጣው ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለምና፣ ማታ የገባሽ የመሰለሽ ነገር ጠዋት ምን ያህሉ እንደቀረ ማየት ይጠቅምሻል።

ሌላው ነገር፣ ሶሉሽኑ ትክክል መሆኑን ማን ነገረሽ? አምና አንዲት ተማሪ የሠራችው ነው፤ ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፣ ግን ተማሪ ናት። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሶሉሽን ላይ ስህተት መኖሩ የተለመደ ነው፤ አንድ ክፍል ሙሉ ያንኑ ስህተት ይዞ ሲያስረክብ መምህሩ ወዲያው ያውቀዋል። ለዚህ ዓይነት ጥያቄ አንድ ጥሩ መፈተሻ አለ፤ የገባው ክብደት ከወጣው ክብደት ጋር እኩል መሆን አለበት። ቅድም ራስሽ ጨርሺው ወዳልኩሽ ልመለስ። 4 ሞል ሃይድሮጅን ሲያልቅ የሚበላው ናይትሮጅን 4 ለ3 ሲካፈል ነው፣ 1.333 ሞል። ከ1.5 ላይ ሲቀነስ 0.167 ሞል ይተርፋል፤ በ28 ሲባዛ 4.7 ግራም ገደማ። አሞኒያው 45.3፣ የተረፈው 4.7፤ ድምሩ 50። የገባውስ? 42 እና 8፣ እሱም 50። ተመሳከረ።

አሁን ሶሉሽኑን የሠራችው ልጅ ተሳስታ የናይትሮጅንን ሞላር ማስ በ28 ፈንታ 14 አድርጋ ይዛ ቢሆንስ? ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ የአቶሙን ወስዶ የሞለኪውሉን መርሳት። 42 ለ14 ሲካፈል 3 ሞል ናይትሮጅን ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ሃይድሮጅን 9 ሞል፤ ያለው 4፤ አሁንም የሚያልቀው ሃይድሮጅን ነው፣ አሞኒያውም ያው 45.3 ግራም ነው! መልሱን ብቻ የምታመሳክሪ ከሆነ ስህተቱ በፍጹም አይታይሽም። የሚተርፈውን ስታሰይ ግን 1.667 ሞል በ14፣ 23.3 ግራም ይመጣል፤ ድምሩ 68 ግራም ያልፋል። 50 ግራም አስገብተሽ 68 ግራም አይወጣም። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኚ ራስሽን አትጠራጠሪ፤ ወደ ሞላር ማሱ ተመለሺ፣ ባላንስ የተደረገውንም ኢኩዌሽን በሁለቱም ወገን አቶም እየቆጠርሽ አጣሪው። ስህተት ካገኘሽ ለሰጠችሽ ልጅም ንገሪያት።

ይህ መፈተሻ የማይደርስበትም አለ። ጥያቄውን ራሱን በተሳሳተ መንገድ አንብባ ከሆነ፣ ለምሳሌ 42 ግራሙን 24 ብላ ከሆነ፣ ድምሩ ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ሶሉሽኑን ከመክፈትሽ በፊት ከወርክሺቱ ላይ የተሰጠውንና የተጠየቀውን በራስሽ ጻፊ። ደግሞ መልሱን ብቻ ጽፎ መሃሉን የዘለለ ሶሉሽን፣ ወይም «ለ» ብሎ የሚያልፍ የምርጫ መልስ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚማሩበት ስቴፕ የለውምና ለማመሳከሪያ ብቻ ያዥው።

ሰኞ ስለምታስረክቢው እንዲህ አድርጊ። ሶሉሽኑን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ ወርክሺቱን ሥሪ። የወጣልሽን ጻፊ። ያልወጣልሽን የደረስሽበት ድረስ ጻፊና የቆምሽበት ቦታ ላይ «4.5 ሞል እንደሚያስፈልግ አወቅሁ፤ ከዚህ በኋላ ከየትኛው እንደምነሳ አልገባኝም» ብለሽ በግልጽ አስቀምጪ። ከ10 ሁለትና ሦስት ሊቀነስብሽ ይችላል። ግን መምህርሽ የት ላይ እንደቆምሽ ያያሉ፤ ያለፈውን ጊዜ 10 ከ10 ሲያዩ ግን የሚያስረዱሽ ነገር እንዳለ እንኳ ማወቅ አይችሉም ነበር። ሶሉሽን እንዳለሽ ብትነግሪያቸውም መልካም ነው፤ «አጠናሁበት፣ ይሄኛው ግን አልገባኝም» የምትል ተማሪን የሚቆጣ መምህር ብዙ አይደለም።

እሑድ ማታ ደግሞ ከወርክሺቱ ውጪ ይህችን አንዲት ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ሞክሪያት። 5.4 ግራም አሉሚኒየም ከ14.2 ግራም ክሎሪን ጋር ሲዋሃድ ስንት ግራም አሉሚኒየም ክሎራይድ ይወጣል? ኢኩዌሽኑ 2Al + 3Cl₂ → 2AlCl₃ ነው፤ አሉሚኒየም 27፣ የክሎሪን አቶም 35.5 ውሰጂ። እዚህ ላይ በሞል ሲቀየሩ ሁለቱም 0.2 ይሆናሉ፤ በግራም ደግሞ ክሎሪን ይበዛል፤ ስለዚህ ብዛት አይቶ መገመት አያዋጣም። ለ0.2 ሞል አሉሚኒየም 0.3 ሞል ክሎሪን ያስፈልጋል፣ ያለው ግን 0.2 ነው።

17.8 ግራም ካገኘሽና 1.8 ግራም አሉሚኒየም ከተረፈሽ፣ ሊሚቲንግ ሪአክታንት ገብቶሻል፤ ወደ ምርት ፐርሰንት እለፊ። 26.7 ካገኘሽ ግን የገባው በሙሉ 19.6 ግራም ብቻ መሆኑን አስቢና ወደ ኋላ ተመለሺ። ወደዚህ ቁጥር የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። የክሎሪን ሞልሽ 0.4 ከሆነ ክሎሪንን በ71 ፈንታ በ35.5 አካፍለሻል ማለት ነው፤ ችግሩ ሞላር ማሱ ላይ ነው። የክሎሪን ሞልሽ 0.2 ሆኖ ነው 26.7 የመጣው ከሆነ ግን የሚያስፈልገውን ሳታሰይ ከአሉሚኒየም ተነስተሻል። ያን ጊዜ የአሞኒያውን ሶሉሽን አውጪና አራተኛውን መስመር ብቻ እንደገና በእርሳስ አብራሪው።